ጥናቱን ከመሃል መጀመር

የኢንቨስትመንት ኮርስ ፋይናል ሲቃረብ አብዛኛው ተማሪ ሀንዳውቱን ከመጀመሪያው ገጽ ይከፍታል። መምህሩ ያስተማረው በዚያ ቅደም ተከተል ነው፤ መጽሐፉም የተጻፈው እንዲሁ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የቦዲ፣ የኬንና የማርከስ «ኢንቨስትመንትስ» ፖርትፎሊዮን ያስቀድማል፣ ቦንድን ያስከትላል፣ ኦፕሽንና ፊውቸርስን ወደ መጨረሻ ያመጣል። በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች በአካውንቲንግና ፋይናንስ ክፍሎች የሚሰጠው ኮርስ ብዙ ጊዜ ከዚህ መንገድ አይርቅም።

ለማስተማር ጥሩ የሆነ ቅደም ተከተል ለክለሳ ጥሩ ላይሆን ይችላል። የክለሳ ጊዜ ሁልጊዜ ከታሰበው ያጥራል፤ ሲያጥር ደግሞ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ነው። በዚህ ኮርስ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ዴሪቫቲቭ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሊያዝ የማይችለውም እሱው ነው። ፖርትፎሊዮ ሦስት ጊዜ ተነብቦ፣ የማርኮዊትዝ ኩርባ በሦስት ቀለም ተስሎ፣ ኦፕሽን ግን ፈተናው ሊገባ ስድስት ሰዓት ሲቀረው የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ የምመክረው ከመሃል፣ ማለትም ከቦንድ፣ መጀመርን ነው። ከቦንድ ወደ ዴሪቫቲቭ ይታለፋል። ፖርትፎሊዮ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በየዕለቱ በአንድ ጥያቄ እየተነካካ ይቆይና ወደ መጨረሻ የራሱ ሁለት ቀን ይሰጠዋል።

ይህን የምለው ሦስቱ ክፍሎች የቆሙት በሁለት ሐሳብ ላይ ስለሆነ ነው። ቦንድና ዴሪቫቲቭ የሚጋሩት አንድ ሐሳብ አለ፦ በተመሳሳይ ጊዜና ሁኔታ ተመሳሳይ ገንዘብ የሚከፍሉ ሁለት ነገሮች ዛሬ ዋጋቸው እኩል መሆን አለበት። ቦንድ ይህን ሐሳብ በቀላል መልኩ ያስተምራል፤ ዴሪቫቲቭ ያንኑ አወሳስቦ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሁለቱ ተከታትለው ሲጠኑ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይቆማል። ፖርትፎሊዮ ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፦ ሁለት ስጋቶች አብረው ሲያዙ ምን ያህል ይጣፋሉ? መልሱ ያለው በስታትስቲክስ ውስጥ ነው። ከቦንድ ምንም አይበደርም። የሚፈልገው ብዙ ቀን የሚደረግ ጥቂት ልምምድ ነው እንጂ አንድ ረጅም ቀን አይደለም።

ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሌሎች ፈተናዎችም ስላሉ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ አለው እንበል። የመጀመሪያው ቀን ለመፈተሻ፣ ቀጣዮቹ አራት ቀናት ለቦንድ፣ አምስቱ ለዴሪቫቲቭ፣ ሁለቱ ለፖርትፎሊዮ፣ የቀሩት ሁለቱ ለተደባለቀ ልምምድ ይሆናሉ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይነበብ የቀድሞ ፈተና ወይም ወርክሺት በሰዓት ይሠራል። ከባድ ነው፣ ውጤቱም ደስ አይልም። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታውሰዋል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንዴ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ስህተቶቹ ሲታረሙ ውጤቱን ከመቁጠር ይልቅ በዓይነት መለየት ይሻላል። ጥያቄው ስለ ምን እንደሆነ ያልታወቀበት አለ፤ ታውቆ መንገዱ የጠፋበት አለ፤ መንገዱ ተገኝቶ ሒሳቡ የተበላሸበት አለ። የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት የቱ ክፍል ውስጥ እንደበዛ ካዩ በኋላ ከቀናቱ አንዱን ወደዚያ ማዛወር ይቻላል። ሒሳቡ ብቻ የሚበላሽበት ተማሪ ደግሞ ንባብ አይጠቅመውም፤ ካልኩሌተሩን ይዞ መቀመጥ ነው ያለበት።

ቦንድ፦ አራት ቀን በአንድ ምሳሌ

ቦንድን የሚከልስ ሰው አሥር የተለያዩ ምሳሌዎች ከሚሠራ አንዱን ምሳሌ ይዞ እስከ መጨረሻው ቢሄድ ይሻለዋል። የሦስት ዓመት ቦንድ እንውሰድ። ሲያልቅ 1,000 ብር ይመልሳል፤ በየዓመቱ መጨረሻ 100 ብር ወለድ፣ ማለትም ኩፖን፣ ይከፍላል። ገበያው ዛሬ ከእንዲህ ዓይነቱ ቦንድ የሚጠብቀው የትርፍ ተመን፣ ተማሪዎች «ይልድ» የሚሉት፣ 12 በመቶ ነው።

ዋጋውን ለማግኘት እያንዳንዱን ክፍያ ወደ ዛሬ መመለስ ነው። የመጀመሪያው ዓመት 100 ብር በ1.12 ሲካፈል 89.29 ብር ይሆናል። የሁለተኛው ዓመት ሁለት ጊዜ ተካፍሎ 79.72 ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት የሚመጣው 1,100 ብር ሦስት ጊዜ ተካፍሎ 782.96 ይወጣዋል። ድምሩ ወደ 951.96 ብር ነው። ኩፖኑ 10 በመቶ፣ ይልዱ 12 በመቶ ስለሆነ ዋጋው ከ1,000 በታች መውረዱ ትክክል ነው። ከ1,000 በላይ ያገኘ ተማሪ ሥራውን ሳይመለከት እንኳ እንደተሳሳተ ያውቃል።

በሁለተኛው ቀን ጥያቄው ይለወጣል፦ ይልዱ ወደ 13 በመቶ ቢወጣ ዋጋው ምን ይሆናል? እንደገና በ1.13 ማስላት ይቻላል፤ መልሱ 929.17 ብር ነው፣ ወደ 22.80 ብር ኪሳራ። ፈታኙ የሚፈልገው ግን ብዙ ጊዜ አቋራጩን፣ ዱሬሽንን ነው። ፍሬድሪክ ማኮሌይ በ1938 እ.ኤ.አ. ያመጣው ይህ መለኪያ የቦንዱ ገንዘብ በአማካይ ስንት ዓመት ጠብቆ እንደሚመጣ ይናገራል። አንዱን ዓመት በ89.29፣ ሁለቱን በ79.72፣ ሦስቱን በ782.96 አባዝተን ደምረን ለዋጋው ስናካፍል 2.73 ዓመት እናገኛለን። አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣው በሦስተኛው ዓመት ስለሆነ መልሱ ለሦስት መቅረቡ አያስገርምም፤ ኩፖን ያለው ቦንድ ዱሬሽን ግን ከዕድሜው በላይ ሊሆን አይችልም። ኩፖን የሌለው፣ ለምሳሌ ብሔራዊ ባንክ በጨረታ የሚሸጠው የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ዱሬሽኑ ልክ ዕድሜው ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ነጥብ የሚፈሰው። የዋጋውን ለውጥ ለመገመት 2.73ን በቀጥታ መጠቀም አይቻልም፤ መጀመሪያ በ1.12 መካፈል አለበት፣ 2.44 ይሆናል። ይልዱ አንድ ነጥብ ሲወጣ ዋጋው ወደ 2.44 በመቶ፣ ማለትም 23.19 ብር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ግምቱ 928.77፣ እውነተኛው ዋጋ 929.17 ነው፤ በመካከላቸው 40 ሳንቲም አለ። በ1.12 ማካፈሉን የረሳ ተማሪ ኪሳራውን 26 ብር ያደርገዋል፣ ልዩነቱም ከሦስት ብር ይበልጣል። ለአንድ ነጥብ ለውጥና ለአጭር ቦንድ እንዲህ ያለ ርቀት ሲታይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የቀረችው 40 ሳንቲም ራሷ ትምህርት አላት። ዱሬሽን ቀጥታ መስመር ነው፣ የቦንድ ዋጋ ግን ወደ ውስጥ የታጠፈ ኩርባ ነው። ተራ ቦንድ ላይ ይልድ ቢወጣም ቢወርድም እውነተኛው ዋጋ ከመስመሩ ግምት በላይ ነው የሚሆነው፤ ኮንቬክሲቲ የሚባለው ይህ ነው። ምርጫ ጥያቄ ላይ «ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ ይበልጣል» የሚል ሲመጣ ያለ ካልኩሌተር መጣል ይቻላል።

ይህ ሁሉ የክፍል ሒሳብ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የወደቀውን የካሊፎርኒያውን ሲሊከን ቫሊ ባንክ ያስታውስ። ባንኩ የያዛቸው ረጅም ዕድሜ ያላቸው የመንግሥትና በቤት ብድር የተደገፉ ቦንዶች በከፋይ እጦት አልተበላሹም። የወለድ ተመን ሲወጣ ዋጋቸው ወረደ፤ ገንዘብ አስቀማጮች ሲጣደፉ ደግሞ በወረደው ዋጋ መሸጥ ግድ ሆነ።

የቀሩት ሁለት የቦንድ ቀናት ለፎርዋርድ የወለድ ተመንና ለመደጋገም ይውላሉ። ፎርዋርድ ተመንን ችላ ማለት አይገባም። የአንድ ዓመት ይልድ 10 በመቶ፣ የሁለት ዓመት 11 በመቶ ከሆነ ለሁለተኛው ዓመት ብቻ የተቆረጠው ተመን ስንት ነው? ለሁለት ዓመት ማስቀመጥም፣ ለአንድ ዓመት አስቀምጦ እንደገና ማስቀመጥም እኩል ማድረስ አለባቸው። 1.11 በራሱ ተባዝቶ ለ1.10 ሲካፈል 1.12 ገደማ ይወጣል፣ መልሱም 12 በመቶ ነው። ይህን የሠራ ተማሪ ሳያውቀው ዴሪቫቲቭ ጀምሯል።

ዴሪቫቲቭ፦ ዋጋ እንጂ ትንቢት አይደለም

ዴሪቫቲቭ ተማሪዎቻችንን የሚያስቸግርበት አንዱ ምክንያት ዕቃው ዓይን ላይ አለመኖሩ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ሲከፈት አክሲዮንና የመንግሥት ሰነድ ከመጽሐፍ ወጥተው ዜና ሆነዋል፤ ኦፕሽን ግን ገና የመጽሐፍ ነገር ነው። ስለዚህ ተማሪው ከቀመሩ በፊት ውሉ ራሱ ምን እንደሚከፍል መሣል አለበት። ኮል ኦፕሽን አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፣ ግዴታ አይደለም። ፑት በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት ነው። ፎርዋርድ ግን ለሁለቱም ወገን ግዴታ ነው።

እዚህም አንድ አክሲዮን ይዘን እንሂድ። ዛሬ ዋጋው 200 ብር ነው። ከዓመት በኋላ ወይ 240 ይሆናል፣ ወይ 180። ትርፍ ድርሻ አይከፍልም፤ ከስጋት ነፃ የሆነው ወለድ 5 በመቶ ነው። ጥያቄው ደግሞ እንደ ማታለያ አንድ ነገር ይጨምራል፦ የመውጣት ዕድሉ 70 በመቶ ነው።

መጀመሪያ የአንድ ዓመት ፎርዋርድ ዋጋ። ያልተዘጋጀ ተማሪ 70 በመቶውን ከ240፣ 30 በመቶውን ከ180 ጋር አባዝቶ 222 ይላል። ይህ ትንቢት ነው። ዋጋው 210 ነው፦ 200 ብር በ5 በመቶ ወለድ ተበድሮ አክሲዮኑን ዛሬ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ከዓመት በኋላ 210 ብር ነው የሚያወጣው። አንድ ሰው በ220 ብር ፎርዋርድ ልግዛ ቢል፣ ሌላው ተበድሮ ይገዛል፣ በ220 ያስረክባል፣ 210 ከፍሎ አሥር ብር ይይዛል፤ አክሲዮኑ ቢወጣም ቢወድቅም። እንዲህ ያለ ነፃ ገንዘብ አርቢትራጅ ይባላል፣ ገበያ ላይም ብዙ አይቆይም። ዕድሉ 70 ይሁን 40 መልሱን አይነካውም።

ቀጥሎ አክሲዮኑን በ210 ብር የመግዛት መብት የሚሰጥ ኮል። አክሲዮኑ 240 ከሆነ ኮሉ 30 ብር ያወጣል፤ 180 ከሆነ ምንም አያወጣም። ይህን ክፍያ በሌላ መንገድ መሥራት እንችላለን ወይ? አክሲዮኑ በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል በ60 ብር ይለያያል፣ ኮሉ በ30። ግማሽ አክሲዮን ብንይዝ ልዩነቱ 30 ይሆናል። ግማሽ አክሲዮን በመጥፎው ሁኔታ 90 ብር ያወጣል፤ ይህችን 90 ለማጥፋት ዛሬ 85.71 ብር መበደር ነው፣ ከወለዱ ጋር 90 ይመለሳልና። አክሲዮኑ ሲወጣ 120 ላይ 90 ተከፍሎ 30 ይቀራል፤ ሲወርድ 90 ላይ 90 ተከፍሎ ባዶ። ልክ ኮሉ ነው። ዋጋው 100 ሲቀነስ 85.71፣ ማለትም 14.29 ብር ይሆናል።

ይህን ሒሳብ እጁ እስኪለምደው የሠራ ሰው ስለ ኦፕሽን ዋናውን ነገር ይዟል። ኦፕሽን ማለት የአክሲዮንና የብድር ጥምር ነው፤ ብድሩ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የተማርነው ቦንድ ነው። ግማሹ፣ 0.5፣ ዴልታ ይባላል። 70 በመቶውን ተጠቅሞ 30ን በ0.7 አባዝቶ በ1.05 ያካፈለ ተማሪ ልክ 20 ብር ያገኛል፤ ቁጥሩ ያማረ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ስህተቱ ያለው ስጋት ያለበትን ክፍያ ከስጋት ነፃ በሆነ ተመን መመለሱ ላይ ነው። ኮሉ በ14.29 ሲገዛ በ70 በመቶ ዕድል የሚጠበቀው ትርፍ ወደ 47 በመቶ ይሆናል፣ አክሲዮኑ ግን 11 በመቶ ብቻ፤ ኮሉ ከአክሲዮኑ እጅግ የበለጠ ስጋት ስላለው።

በዚያው ዋጋ የመሸጥ መብት የሚሰጠው ፑት እንደገና አይሠራም፤ ከኮሉ ይገኛል። ኮልና ከዓመት በኋላ 210 ብር የሚሆን ተቀማጭ ያለው ሰው፣ ፑትና አክሲዮን ካለው ሰው ጋር በሁለቱም ሁኔታ እኩል ይደርሳል፦ ሲወጣ 240፣ ሲወርድ 210። ስለዚህ ዛሬም እኩል ናቸው፦

```
C + K/(1+r) = P + S
14.29 + 210/1.05 = P + 200
P = 14.29
```

ኮልና ፑት እኩል የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። የመብቱ ዋጋ ከፎርዋርዱ ዋጋ ጋር አንድ፣ 210፣ ስለሆነ ነው። ፈታኞች ይህን ይወዱታል። ቀመሩ የሚሠራው ግን መብቱ በመጨረሻው ቀን ብቻ ሲጠየቅና አክሲዮኑ በመካከል ትርፍ ድርሻ ሳይከፍል ነው፤ ጥያቄው ውስጥ ትርፍ ድርሻ የሚል ቃል ካለ መቆም ያስፈልጋል፤ የድርሻው የዛሬ ዋጋ ከአክሲዮኑ ዋጋ ይቀነሳልና።

የብላክና ሾልስ ቀመር፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ከአምስቱ ቀናት የመጨረሻውን ብቻ ይውሰድ። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቁጥር ማስገባትና የትኛው ግብዓት ዋጋውን ወዴት እንደሚገፋ ማወቅ ነው። የሁለት ደረጃውን ዛፍ በሚገባ የሠራ ሰው ቀመሩ ያንኑ ደረጃ እጅግ እየከፋፈለ መሄዱ እንደሆነ ይገባዋል። አወጣጡን ለመሸምደድ የሚባክነውን ሌሊት ለመተኛት ቢያውለው እመርጣለሁ።

ፖርትፎሊዮ፦ በየቀኑ አንድ

በእነዚህ ሁሉ ቀናት መካከል ጠዋት ጠዋት አንድ የፖርትፎሊዮ ጥያቄ ሲሠራ ቆይቷል። አሥራ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ሃሪ ማርኮዊትዝ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሐሳብ ሲጨመቅ አንድ ቀመር ነው፣ ያንን ቀመር የሚያበላሹትም ሁልጊዜ ያው ሁለት ሦስት ስህተቶች ናቸው።

ሁለት አክሲዮኖች አሉ። የአንደኛው የሚጠበቅ ትርፍ 12 በመቶ፣ ስጋቱ፣ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲለካ፣ 20 በመቶ ነው። የሁለተኛው ትርፍ 18፣ ስጋቱ 30 ነው። በመካከላቸው ያለው ኮሪሌሽን 0.2 ነው። ገንዘቡ እኩል ሲከፈል ትርፉ የሁለቱ አማካይ 15 በመቶ ነው። ስጋቱ ግን አማካይ፣ 25፣ አይደለም። ቫሪያንሱ 0.01 ሲደመር 0.0225 ሲደመር 0.006፣ ማለትም 0.0385 ነው፤ ካሬ ሩቱ 19.6 በመቶ። ግማሹን ወደ አደገኛው አክሲዮን ያዛወረ ሰው ከመጀመሪያው አክሲዮን ብቻ የተሻለ ትርፍ በትንሹ ባነሰ ስጋት አገኘ። ይህን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያስፈልግም።

መልሱን መፈተሻው ቀላል ነው። ኮሪሌሽኑ 1 ቢሆን ስጋቱ 25፣ ከ1 በተቃራኒው ቢሆን 5 በመቶ ይሆናል፤ ትክክለኛው መልስ በ5ና በ25 መካከል ካልወደቀ ተሳስቷል። ነገር ግን ይህ ወንፊት ሁሉንም አያጠምድም። የሦስተኛውን ክፍል ሁለት ጊዜ ማባዛት የረሳ ተማሪ 18.8 በመቶ ያገኛል፣ ያም በወሰኑ ውስጥ ነው። እሱን ለማጋለጥ በራሱ ቀመር ኮሪሌሽኑን 1 አድርጎ ቢሞክር 25 ሊወጣለት ሲገባ 21.8 ይወጣዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት አንዱን ቁጥር በመቶኛ፣ ሌላውን በአሥርዮሽ ማስገባት ነው፤ ይሄኛው መልሱን እጅግ ስለሚያዛባው ቶሎ ይታያል።

ለፖርትፎሊዮ የተመደቡት ሁለቱ ቀናት ለቤታና ለካፒታል ንብረት ዋጋ ሞዴሉ ይውላሉ። ሻርፕ በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ሞዴል የሚለው፣ ገበያው የሚከፍለው ሊበተን ለማይችል ስጋት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የአንድን አክሲዮን ጠቅላላ ስጋት ከሰጠና ቤታንም ከሰጠ፣ የሚጠበቀውን ትርፍ ለማስላት የሚገባው ቤታ ነው፤ ሌላው ቁጥር ብዙ ጊዜ ወጥመድ ነው።

ሁለቱ የድብልቅ ቀናት

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ጥያቄዎች ከየክፍሉ ተወስደው ይደባለቃሉ፣ ርዕሳቸውም ይቆረጣል። ሮረርና ቴይለር በ2007 እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን የቅርጾች ይዘት ሒሳብ ሲያስለማምዱ አንዱን ቡድን ዓይነት በዓይነት፣ ሌላውን አደባልቀው አሠሩ። በልምምዱ ጊዜ ዓይነት በዓይነት የሠሩት 89፣ የተደባለቀላቸው 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 ወረዱ፣ የተደባለቀላቸው 63 አገኙ። ፋይናል ፈተና ላይ «ይህ የዱሬሽን ጥያቄ ነው» የሚል ጽሑፍ ስለማይኖር ይህ ኮርስ ከዚያ ጥናት ጋር በደንብ ይመሳሰላል።

ሲደባለቁ አንድ ነገር ይታያል። 10 ሚሊዮን ብር ከላይ በሠራነው ቦንድ የያዘ ፈንድ ይልድ አንድ ነጥብ ሲወጣ ምን ያጣል? ከ244 ሺህ ብር በትንሹ ያነሰ። 1,000 ኮል የሸጠ ነጋዴ ከዋጋ ለውጥ ራሱን ለመጠበቅ ስንት አክሲዮን ይግዛ? ዴልታው 0.5 ከሆነ 500። ቤታው 1.2 የሆነ ፖርትፎሊዮ ገበያው 5 በመቶ ሲወርድ ወደ ስንት ይወርዳል? ወደ 6 በመቶ ገደማ። ሦስቱም የሚጠይቁት ያው ነው፦ ከታች ያለው ነገር በአንድ ሲነቃነቅ እጄ ላይ ያለው በስንት ይነቃነቃል? ዱሬሽን ለወለድ፣ ዴልታ ለአክሲዮን፣ ቤታ ለገበያ። ተራ የሚመስለው ነገር ይህን ያስተዋለ ተማሪ የማያውቀው ዓይነት የመከላከያ ጥያቄ ሲገጥመው የሚጀምርበት ቦታ ስላለው ነው።

ገደባቸውም ይመሳሰላል፣ ፈታኝም እዚያ ላይ ይመጣል። ዱሬሽን ለትንሽ ለውጥ፣ ያውም የሁሉም ዕድሜ ይልዶች በእኩል ሲወጡ ነው የሚሠራው። ዴልታ አክሲዮኑ በተነቃነቀ ቁጥር ራሱ ይለወጣል፤ 500 አክሲዮን የገዛው ነጋዴ ነገ ሌላ ቁጥር ያስፈልገዋል። ቤታ ካለፈው መረጃ የተገመተ ነው፣ በዚያ ላይ የድርጅቱን የራሱን ጉዳይ አይነካም። «ይህ መከላከያ ለምን ሙሉ በሙሉ አልሠራም?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ለእያንዳንዱ የተደባለቀ ጥያቄ መጀመሪያ የሚጻፈው መልሱ አይደለም፤ በአንድ መስመር ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነና የትኛው ቁጥር እንደማያስፈልግ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ይህን መስመር በትክክል የጻፈባቸውንና ያልጻፈባቸውን ለይቶ፣ ያልተሳኩትን ብቻ እንደገና ይሠራል።

ፈተና ክፍል ውስጥ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ፖርትፎሊዮ ሒሳቡ ረጅም ቢሆንም መንገዱ የታወቀ ስለሆነ ቀድሞ ይሠራ፤ ቦንድ ይከተል። ዛፍ የሚሣልበት የኦፕሽን ጥያቄ መካከል ላይ ይግባ፣ አእምሮ ሳይደክምና ሰዓቱም ሳያስጨንቅ። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ደቂቃዎች ለሦስት ፍተሻዎች ይበቃሉ፦ ኩፖኑ ከይልዱ ካነሰ የቦንዱ ዋጋ ከፊት ዋጋው በታች ነው ወይ? የኮሉ ዋጋ ከአክሲዮኑ ዋጋ አይበልጥም ወይ? ኮሪሌሽኑ ከ1 በታች ከሆነ የፖርትፎሊዮው ስጋት ከአማካዩ ያንሳል ወይ?